ሜዳው ለምን ባዶ ቀረ

የአክስቴ ቦታ ቆላ ድባ ዳር ላይ ነው፤ ስፋቱ 20 ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሜትር። ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ መንገዱም የሚያልፈው ከግርጌው ነው። ቦታው ላይ አንድ ቤት ለማቆም ሦስት ሐሳብ ነበረ። አክስቴ ከታች፣ መንገዱ ዳር ይሁን አለች። ከታች ከሆነ ሱቅም ይወጣዋል፣ እንግዳም ሳይደክም ይገባል። ግንበኛው መሐል ላይ ያለውን ሜዳ መረጠ፤ «የተስተካከለ ቦታ ሳለ ምን አስቆፈራችሁ?» ነው ያለው። ሦስተኛው ሐሳብ የወረቀቱ ነበር። ሁለት ልጆች ለክተውና ጉድጓድ አስቆፍረው ያዘጋጁት የቦታ ጥናት፣ እኛ በትምህርት ቤት አፍ ሳይት አናሊሲስ የምንለው፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ላይኛውን ተዳፋት ይጠቁማል።

ልጆቹ «ቤቱ እዚህ ይሁን» ብለው አልጻፉም። የቦታ ጥናት እንዲህ አይልም። መስመር፣ ቁጥርና ቀስት ሰጥቶ ዝም ይላል። ማንበቡ የእኔ ድርሻ ሆነ፤ አርክቴክቸር ተምሬያለሁና በቤተሰቡ ዘንድ «ወረቀት የምታነበው» እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው። ሚያዝያ 2011 ይላል። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው፤ ግን ሚያዝያ ላይ የተሠራ ጥናት ስለ ውሃ የሚነግርህ ነገር በሙሉ የበጋ ወሬ ነው። በእኛ አገር ዝናቡ ተጠራቅሞ የሚወርደው በሰኔና በመስከረም መካከል ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሚያዝያ ላይ ደረቅ የነበረ ጉድጓድ ነሐሴ ላይ ኩሬ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ውሃ አልታየም» የሚል ሳነብ «እስከ ሚያዝያ» ብዬ ከጎኑ በእርሳስ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ኮንቱሮቹን አየሁ። ኮንቱር ማለት እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር ነው፤ በእኛ ወረቀት ላይ በየግማሽ ሜትር ከፍታ አንድ ተሰምሯል። የታችኛውን ጥግ 100 ብለው ጀምረዋል፣ ላይኛው ድንበር 104.5 ላይ ነው። በ40 ሜትር ውስጥ አራት ሜትር ተኩል መውረድ ማለት ነው፤ በአማካይ 11 በመቶ ገደማ። ግን አማካዩ ይዋሻል። መስመሮቹን ዝም ብለህ ብታያቸው ላይኛው 10 ሜትር ውስጥ ተጠጋግተዋል፤ በየሁለት ሜትር ተኩሉ አንድ። ይህ 20 በመቶ ነው፣ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው የሚያቃስትበት። ከዚያ በታች ባለው 14 ሜትር ውስጥ መስመሮቹ በድንገት ይራራቃሉ፤ ጠቅላላ የሚወርደው 80 ሳንቲም ብቻ ነው። ግንበኛው የወደደው ሜዳ ይህ ነው። ከሱ በታች ደግሞ እስከ መንገዱ ድረስ መካከለኛ ቁልቁለት።

እዚህ ጋ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ተዳፋት መሬት ላይ መሐል ሜዳ ለምን ተፈጠረ? ሜዳ ከሰማይ አይወርድም። ወይ ሰው ደልድሎታል፣ ወይ ከሥሩ ድንጋይ አለ፣ ወይ ደግሞ ከላይ የታጠበ አፈር እዚያ ደርሶ ቆሟል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ኮንቱር አይናገርም። የሚናገረው ጉድጓዱ ነው።

ልጆቹ አራት ጉድጓድ አስቆፍረዋል። አንደኛው ከላይኛው ድንበር ሦስት ሜትር ወረድ ብሎ ነው፤ 40 ሳንቲም አፈር፣ ከዚያ የበሰበሰ ድንጋይ፣ ማለትም ግንበኞች ገረጋንቲ የሚሉት። ሁለተኛው ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው፤ 90 ሳንቲም ቀላ ያለ አፈር፣ ከዚያ ያው ገረጋንቲ። ሦስተኛው ሜዳው ላይ ነው። ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ዋልካ። 2 ሜትር ከ10 ድረስ ወርደው ዋልካው አላለቀም። አራተኛው ከመንገዱ አጠገብ ሲሆን እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ዋልካ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ሲመለሱ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ውሃ አንቅሮ አገኙት። ያውም በሚያዝያ!

ለደምቢያ ሰው ዋልካ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽምብራውንም ጤፉንም የሚያበላው እሱ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣልና ስንጥቁ ይዘጋል። ለእርሻ ይህ በረከት ነው፣ መሬቱ ራሱን በራሱ ያገላብጣል። ቤት ግን መገላበጥ አይወድም። ቤት ሲሠራበት ችግሩ ማበጡ ብቻ አይደለም፣ እኩል አለማበጡ ነው። ከወለሉ ሥር መሐል ያለው አፈር በጣሪያ ተከልሎ ብዙም አይረጥብም፣ ብዙም አይደርቅም። ዳር ዳሩ ግን በየዓመቱ ክረምት ይነሳል፣ በጋ ይወርዳል። ግድግዳው ዳር ላይ ነው የቆመው።

ወረቀቱ ላይ አንድ ትንሽ ቁጥር አለች፣ ከሦስተኛው ጉድጓድ አጠገብ፦ ነፃ እብጠት 110 በመቶ። ነገሩ ቀላል ሙከራ ነው። አፈሩ ደርቆ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል፤ 10 ሚሊ ሊትር የሚሆነው ውሃ ባለበት መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይጨመርና አንድ ቀን ያድራል። የእኛው 10 የነበረው 21 ሆኖ ተገኘ። ከ50 በመቶ በታች የሆነ አፈር ብዙ ጊዜ ቤት አያስቸግርም፤ ከ100 በላይ የሆነን ግን ማንም ጠንቃቃ ሰው ቀላል መሠረት አያሳርፍበትም።

ግንበኛው ግን ጥሩ ክርክር ነበረው። «እዚህ ሰፈር ሰው ዋልካ ላይ እየኖረ ነው፣ አያቶቻችንም ኖረውበታል» አለ። እውነቱን ነው። ግን የኖሩት በምን ቤት ነው? በጭቃ ቤት። የጭቃ ቤት የእንጨት አጥንት አለው፤ መሬቱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ የተሰነጠቀውን ልጣጭ ደግሞ እናቶች በዓል ሲደርስ ጭድ ባለው ጭቃ ይመርጉታል። ብሎኬት እንዲህ አይታጠፍም። ብሎኬት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሮጌ የጭቃ ቤት ቆሞ መገኘቱ ለብሎኬት ምስክር አይሆንም።

ብሎኬት ቤት ያለው አንድ ጎረቤት ከታች አለ፣ ያው ዋልካው ላይ። መስኮቱ ጥግ ላይ ወደ ላይ ሰያፍ የሆነ ስንጥቅ አለው። ስንጥቅ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ቤቱ ከተሠራ በኋላ አፈሩ ተጭኖ የወረደ እንደሆነ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ከዚያ ይቆማል፤ አይመለስም። ዋልካ የሠራው ስንጥቅ ግን ይተነፍሳል። ባለቤቱን አስፈቅጄ ስንጥቁን በእርሳስ አቋርጬ አጭር መስመር አሰመርኩ፣ ቀን ጻፍኩበት። ሚያዝያ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም በቁሙ ይገባበት ነበር። ነሐሴ ላይ ስመለስ ወረቀት እንኳ አልገባ አለ። ጎረቤቱ «ክረምት ክረምት እኮ ይድናል» አለኝ እየሳቀ። እሱ የሚያውቀውን ነገር ነው እኔ በእርሳስ የደረስኩበት።

ታዲያ ሜዳው ላይ መሥራት አይቻልም ማለት ነው? ይቻላል፣ ዋጋው ነው እንጂ። ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት አንዱ መንገድ ነው። አክስቴ የምታስበው ቤት 7 በ12 ሜትር ነው። በየአቅጣጫው አንድ ሜትር ጨምሮ፣ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ብንቆፍር፣ 9 በ14 በአንድ ተኩል 189 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሲኖ ትራክ 16 ሜትር ኩብ ቢይዝ 12 ጉዞ፤ የተቆፈረ አፈር ስለሚያብጥ ደግሞ 15 በለው። ያንኑ ያህል ገረጋንቲ መልሶ ማስገባት አለ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከሥር ገና ዋልካ ይቀራል። «ሳይቆፈር» የተባለው ሜዳ ከሁሉም በላይ የሚቆፈር ቦታ ሆኖ ተገኘ።

ላይኛው ተዳፋት ላይ ያለው ስሌት ሌላ ነው። ቤቱን ከላይኛው ድንበር አራት ሜትር ዝቅ አድርጌ፣ ረጅሙን ጎኑን ከኮንቱሩ ጋር አስተኛሁት። ከኋላው ግድግዳ እስከ ፊቱ ግድግዳ መሬቱ የሚወርደው አንድ ሜትር ከሩብ ገደማ ነው። ወለሉን 103 ላይ ብናደርገው ከኋላ 70 ሳንቲም እንቆርጣለን፣ ከፊት ደግሞ ወለሉ ከመሬቱ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የወለሉን ውፍረትና ከኋላ የሚተወውን መተላለፊያ ጨምሮ የሚቆፈረው 50 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ የሚወጣውም ብዙው ራሱ ገረጋንቲ ስለሆነ ሜዳ አይጣልም።

ዋናው ነገር ግን የቁፋሮው ማነስ አይደለም። አራቱም የቤቱ ጥግ ያው አንድ ነገር ላይ ያርፋል። ከኋላ ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ ከፊት አንድ ሜትር ያህል ወርደን እናገኘዋለን፤ መሠረቱ በደረጃ ይወርዳል እንጂ ከገረጋንቲው አይወጣም። ቤቱን አዙረን ረጅሙን ጎን ቁልቁል ብናደርገው ኖሮ ግን ፊቱ ሜዳው ውስጥ ይገባ ነበር፤ ግማሹ ድንጋይ ላይ፣ ግማሹ ዋልካ ላይ። ይህ ሙሉ በሙሉ ዋልካ ላይ ከመሥራትም ይብሳል። ግማሹ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ግማሹ በየዓመቱ ይነሳል ይወርዳል፤ ቤቱ የሚሰበረው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ፀሐዩም ከዚሁ ጋር ተስማማልኝ። ቆላ ድባ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ወደ ሰሜን ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 54 ዲግሪ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ 80 ሳንቲም የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ከግድግዳው ላይ አንድ ሜትር ከአሥር ወደ ታች ያጠላል። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ አናት ላይ ትሆናለች። ስለዚህ የደቡብና የሰሜን ግድግዳ በክፈፍ ብቻ ይጠበቃል። በክፈፍ የማይያዘው የከሰዓት ፀሐይ ነው፣ ዝቅ ብሎ ከምዕራብ ስለሚገባ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቤት የሚያነደው እሱ ነው። ቤቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲረዝም የምዕራቡ ጎን አጭሩ ይሆናል፣ ከፊቱም አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። አክስቴ ዋንዛው ከሚቆረጥ ቤቱ ይቅርብኝ ብላ ነበር፤ ወረቀቱም ከሷ ጋር ተስማማ። (የጎረቤቱ ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዋልካ ላይ ባሕር ዛፍ ውሃውን ይመጥና መሬቱን ያጨማድደዋል፤ ቤት ከዛፉ ቁመት ባላነሰ ርቀት ቢሸሸው ነው የሚሻለው። እሱ ያለው ከታች ነው።)

ስለ ነፋስ ደግሞ አንድ ቀስት ተስሏል፣ ከደቡብ የሚመጣ። ያንን ቀስት ብዙ አላመንኩትም። ሁለት ቀን ቆመው ያዩት ነፋስ የዓመት ነፋስ አይደለም፤ ብዙ ጥናት ላይ የነፋስ ቀስት ወረቀቱ ሙሉ እንዲመስል የሚገባ ጌጥ ነው። መስኮት በሁለቱም በኩል አደረግሁና አለፍኩት።

ውሃው ግን የሚታለፍ አልነበረም። ላይኛው ቦታ ላይ ስትሠራ የምትጋፈጠው ከራስህ መሬት በላይ ያለውን ሰው ውሃ ነው። ከድንበሩ በላይ ወደ እኛ የሚያዘነብለው መሬት ግማሽ ሄክታር ያህል ይሆናል። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ከባድ ዝናብ ቢመጣና ግማሹ መሬት ውስጥ ቢሰርግ፣ የቀረው በሰከንድ 35 ሊትር ሆኖ ይመጣል። በየሰከንዱ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ቀጥታ ወደ ኋላው ግድግዳ።

መፍትሔውን ግን ከዩኒቨርሲቲ አላመጣሁትም። የጣና ዙሪያ ገበሬ ማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፦ ተዳፋቱን በስሱ አግድም የሚያቋርጥ ቦይ። ጥበቡ ማዘንበሉ ላይ ነው። በጣም ከተኛ ውሃው ይቆማል፣ ደለል ይሞላዋል፣ ከዚያ ሞልቶ ይፈሳል። በጣም ከወረደ ደግሞ አፈሩን እየበላ በጥቂት ክረምት ሸለቆ ይሆናል። እኛ ከላይኛው ድንበር ሥር 40 ሳንቲም ስፋት፣ 30 ጥልቀት ያለው ፈሰስ አወጣን፤ በ20 ሜትር ውስጥ 20 ሳንቲም ብቻ ይወርዳል። ይህ ያንን 35 ሊትር ሳይሞላ ያሳልፋል። ከዚያ በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ በምሥራቁ ጎን ወርዶ መንገዱ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ጎረቤት ግቢ መልቀቅ ከጠብ በቀር ሌላ ትርፍ የለውም።

ነሐሴ ላይ የተመለስኩት ለጎረቤቱ ስንጥቅ ብቻ አልነበረም። ዝናብ ሲወርድ ጥላ ይዤ ቆሜ ውሃው የሚሄድበትን በእንጨት ችካል ምልክት አደረግሁ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀስቶች በአብዛኛው ልክ ነበሩ። ከታች መንገዱ ዳር ያለው ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ነበር፤ ያቺ አራተኛዋ ጉድጓድ እስከ አፏ ሞልታ እንቁራሪት ገብቶባታል። ወባ ባለበት አገር ክፍት ጉድጓድ መተው ራሱ አይገባም፣ በማግስቱ አስደፈንናት። አክስቴ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። በ1998 ክረምት ደምቢያና ፎገራ በጎርፍ ሲጥለቀለቁ ታስታውሳለች፤ የእኛ ቦታ ያን ያህል ዝቅ ያለ አይደለም፣ ግን ውሃ መሬት ላይ ተኝቶ ማየት ለሷ ሌላ ስሜት አለው።

«እሺ ታች ይቅር» አለች። ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገረች። «ግን አንቺ ልጅ፣ ይኼን ዳገት ማን ይወጣዋል? ጉልበቴን ታውቂያለሽ።»

ይህ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነው። ሁለት ልጆች ለክተው የማያገኙት ቁጥር። እኔም «ለጉልበትዎ እንቅስቃሴ ነው» ብዬ አላልፈውም፤ 61 ዓመቷ ነው፣ በዚያ ቤት የምታረጅበት ነው። ወደ ኮንቱሩ ተመለስኩ። ከመንገዱ እስከ ቤቱ ፊት 29 ሜትር ነው፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ስምንት በመቶ ከፍ ይላል። ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰው ይወጣዋል። የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው፣ ከግቢ ወደ ወለሉ ያለው ግማሽ ሜትር፤ አራት ደረጃ። ቁልቁለት መሬት ግን እዚህ ላይ አንድ ስጦታ አለው። ፊት ለፊት ዝቅ ያለው መሬት ከጎን በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ በምሥራቁ ግድግዳ መሐል ላይ መሬቱ ራሱ 103 ነው፣ ማለትም የወለሉ ልክ። ስለዚህ ዋናውን በር ከፊት አንስቼ ወደ ምሥራቅ ጎን አዞርኩት። ከኋላ የተቆረጠውን ገረጋንቲ ከቤቱ ፊት ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲነሳ አድርገን ሞላነው፣ መንገዱ ያለ አንድ ደረጃ በር ላይ ያደርሳል። ግንበኛው በር ከጎን መሆኑን አልወደደውም፤ ቤት ፊት ከሌለው ያፍራል ይላል። በረንዳው ወደ ደቡብ ስለሚያይ በሱ ተጽናና።

እንዲህ ዓይነቱ አቀማመጥ አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር ከተማ የተቆረቆረችው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ጉብታ ላይ ነው። የሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብም እንፍራዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ ሆኖ ጣናን ያያል። ለጦር ጥበቃ ነው ይባላል፣ ይሆናል፤ ኮረብታ ላይ ሲሆን ግን መሠረቱም ድንጋይ ያገኛል፣ ውሃውም ይወርድለታል።

ሽንት ቤቱ የራሱ ጣጣ ነበረው። ወደ ታች ማውረድ ይቀናል፣ ግን ከታች ውሃ ቅርብ ነው፣ ከታች በምሥራቅ በኩል ደግሞ የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ የሽንት ቤቱም ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት፣ ያውም በክረምቱ ውሃ ልክ። ሁለቱንም የሚያሟላው ቦታ ጠበበ፤ በስተመጨረሻ በምዕራብ ድንበር፣ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ፣ ጥልቀቱን አሳጥረን ስፋቱን ጨምረን አስቀመጥነው። ቶሎ ይሞላል። ያው ነው።

ቁፋሮ የተጀመረው ኅዳር 2012 ላይ፣ መሬቱ ከደረቀ በኋላ ነው። የፊቱ መሠረት አንድ ቦታ ላይ ከተጠበቀው 30 ሳንቲም ወረደ፤ በሁለት ጉድጓዶች መካከል ያለውን ወረቀቱ በግምት ነው የሞላው፣ ገረጋንቲው ደግሞ በቀጥታ መስመር አይሄድም። ቆፋሪዎቹን «ቀለሙ እስኪለወጥና ዶማው ድንጋይ እስኪል» ብለን ነበር ያዘዝናቸው፣ በሳንቲም አይደለም። ስለዚህ ወረዱ፣ አገኙት። ከኋላው ግድግዳ ጀርባ አንድ ሜትር ተኩል ባዶ ትተን፣ የተቆረጠውን መሬት በደረቅ የድንጋይ ካብ ደገፍነው፤ መሬቱ ግድግዳውን ከነካ እርጥበቱ ወደ መኝታ ቤት ይገባል።

ሱቁ ከታች መንገዱ ዳር ቆሟል። የእንጨትና የቆርቆሮ ነው፣ ስድስት ቋሚ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከክረምት በኋላ በሩ መዝጋት እምቢ ይላል፤ አንድ ሰው በእንጨት ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጨምራል፣ በሩ ይዘጋል። ሜዳው ላይ ሽንኩርትና ጌሾ ተተክሏል። ፈሰሱ በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ደለሉ ይጠረጋል፣ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።